ደሞዝ ሲጨመር ኪስ ይጎድላል ወይ?

ውድ አዘጋጅ፣

የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። በአንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ሽያጭ ክፍል ውስጥ ተቀጥሬ በወር 9,800 ብር አገኛለሁ። ከታናሽ እህቴ ጋር ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሰሞኑን አለቃዬ ጠርቶኝ ደሞዜን ወደ 10,400 ሊያሳድግልኝ እንዳሰበ ነገረኝና በደስታ ልበር ነበር። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ግን፣ «የኔ ልጅ፣ እንዳትሸወጂ! 10,000ን ካለፍሽ 30 ፐርሰንት ውስጥ ትገቢያለሽ፤ ይዘሽ የምትሄጂው ከድሮው ያንሳል» አሉኝ።

እኔም ካልኩሌተር አውጥቼ መታሁት። ከ9,800 ላይ 25 ፐርሰንት ሲነሳ 7,350 ይቀራል። ከ10,400 ላይ 30 ፐርሰንት ሲነሳ ደግሞ 7,280። እውነታቸውን ነው፣ 70 ብር ይጎድልብኛል! ቤት አከራያችን በሚቀጥለው ወር ኪራይ እጨምራለሁ ብላናለች። አለቃዬ መልሴን እስከ ዓርብ ይጠብቃል። «ጭማሪው ይቅርብኝ» ብለው ይሻለኛል ወይ?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ ጠያቂያችን፣

ዓርብን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሄደሽ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» በይ። የባልደረባሽን ምክር በክፋት አናየውም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረ ወሬ ነው። ግን ስህተት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር አድርጊ። ባለፈው ወር የፈረምሽበትን ፔሮል ወይም የደሞዝ ወረቀትሽን አውጥተሽ ተመልከቺ። ባንቺ ስሌት ከግብር በኋላ 7,350 ይቀርሻል። ከዚያ ላይ ደግሞ ጡረታ 7 ፐርሰንት፣ ማለት 686 ብር ሲነሳ 6,664 ብቻ መቀበል ነበረብሽ። እጅሽ ላይ የሚገባው ግን 7,514 ነው፤ አይደለም? ስለዚህ ስሌትሽ ገና ከጭማሪው በፊት፣ ዛሬ በምትቀበይው ደሞዝ ላይ እንኳ አልሠራም። ታዲያ የት ላይ ተሳሳትሽ?

የተሳሳትሽው ፐርሰንቱን በደሞዝሽ በሙሉ ላይ ስለጫንሽው ነው። የግብር ሕጉ እንደዚያ አይሠራም። ደሞዝሽን በተርታ በተደረደሩ እንስራዎች ውስጥ እንደሚቀዳ ውኃ አስቢው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው እንስራ 2,000 ብር ይይዛል፤ ከእሱ ግብር አይነካም። እሱ ሲሞላ ትርፉ ወደ ሁለተኛው ይፈስሳል። ሁለተኛው ከ2,000 እስከ 4,000 ያለውን ይይዛል፤ ከእሱ 15 ፐርሰንት ይወሰዳል። ሦስተኛው እስከ 7,000 ነው፣ 20 ፐርሰንት። አራተኛው እስከ 10,000፣ 25 ፐርሰንት። አምስተኛው እስከ 14,000፣ 30 ፐርሰንት። ከ14,000 በላይ የሆነው 35 ፐርሰንት ይከፍላል።

ልብ በይ፤ አምስተኛው እንስራ ውስጥ ጠብታ ስለገባች የፊተኞቹ አራቱ አይነኩም። ያንቺን 10,400 እንቅዳው። ከመጀመሪያው 2,000 ምንም አይነሳም። ከሚቀጥለው 2,000 ላይ 300 ብር፣ ከዚያ በኋላ ካለው 3,000 ላይ 600 ብር፣ ከሚከተለው 3,000 ላይ 750 ብር ይነሳል። የቀረችው 400 ብር ብቻ ናት 30 ፐርሰንት የሚመታት፤ እሱም 120 ብር ነው። ጠቅላላ ግብርሽ 1,770 ብር ሆነ። እንደፈራሽው 3,120 አይደለም።

አሁን በ9,800 የምትከፍይው 1,600 ብር ነው። ስለዚህ 600 ብር ሲጨመርልሽ ግብርሽ በ170 ብር ያድጋል። ጡረታውም፣ ጭማሪው በመሠረታዊ ደሞዝሽ ላይ ከሆነ፣ በ42 ብር ከፍ ይላል። 388 ብር ንጹህ ወደ ኪስሽ ይገባል፤ 7,514 የነበረው 7,902 ይሆናል ማለት ነው። ለቤት አከራይሽ መቶ በመቶ መልስ ባይሆንም ትንሽ ያስተነፍሳል።

ሁለት ነገር ለይተሽ ያዢ። የመጨረሻዋ ብርሽ 30 ሳንቲም ትከፍላለች፤ የሂሳብ ሰዎች ይህንን የኅዳግ ተመን ወይም ማርጂናል ይሉታል። ጠቅላላው ግብር ለጠቅላላው ደሞዝ ሲካፈል ደግሞ ከእያንዳንዱ ብር 17 ሳንቲም ገደማ ብቻ ይወጣል፤ እሱ አማካይ ተመን ነው። ሰው የሚሸበረው የመጀመሪያውን ሰምቶ ሁለተኛው ሲመስለው ነው። ከ14,000 በላይ ያለው ትልቁ እርከን እንኳ ከተጨመረው ብር 35 ሳንቲም ነው የሚወስደው። ጡረታውን ብትደምሪበትም 58 ሳንቲም ላንቺ ይቀራል። የተጨመረ ብር ከራሱ በላይ ይዞ የሚሄድበት እርከን የለም።

ሂሳብ ሹሞች እንስራ ሲቀዱ አይውሉም፤ አቋራጭ አላቸው። በሰንጠረዡ ከፐርሰንቱ አጠገብ «ተቀናሽ» የሚል አምድ አለ። ደሞዝሽን በሙሉ በ30 ፐርሰንት ያባዙና 3,120 ያገኛሉ፤ ከዚያ ላይ 1,350 ይቀንሳሉ፤ ያው 1,770 ይመጣል። ባንቺ እርከን፣ በ25 ፐርሰንቱ፣ ተቀናሹ 850 ነው። አንቺና ባልደረባሽ ማባዛቱን ይዛችሁ ተቀናሹን ረሳችሁት። ወሬው ሁሉ የሚወለደው ከዚህች አንዲት አምድ ነው።

ይህንን ማወቅሽ ሌላም ይጠቅምሻል። አንዳንድ ትንንሽ መሥሪያ ቤት ፔሮል በእጅ የሚሠራ ሰው ራሱ ያችን አምድ ይዘላታል። ጭማሪው በገባበት ወር የተቀነሰብሽ ግብር 3,120 ከሆነ ጭማሪው ጎዳኝ አትበይ፤ ከትክክለኛው ያለውን ልዩነት አስቢ። ልክ 1,350 ከመጣ ተቀናሹ ተረስቷል ማለት ነውና ወረቀትሽን ይዘሽ ሂሳብ ክፍል ግቢ፤ ይመለስልሽ።

እውነት እንነጋገር ካልን፣ ደሞዛቸው አድጎ ኪሳቸው የሳሳ ሰዎች አሉ። ጥፋቱ ግን የግብር እርከኑ አይደለም። አንዱ ሱፐርቫይዘር ተብሎ ሲሾም በየወሩ ያገኘው የነበረ ኦቨርታይም ይቀርበታል። ሌላዋ ግብር የማይነካው የትራንስፖርት አበሏ ተነሥቶ «ደሞዝሽ ውስጥ ተካቷል» ትባላለች፤ ያኔ ቀድሞ ሳይነካ ይገባ የነበረው ብር መጨረሻው እንስራ ውስጥ ገብቶ ይቀረጣል።

ስለዚህ አለቃሽን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፤ «ከ600 ብሩ ሌላ የሚነሳ ወይም የሚቀየር አበል አለ ወይ?» የለም ካለሽ ነገሩ አለቀ። አለ ካለሽ ግን የሚቀረውን ከ388 ብር ጋር አስተያዪው፤ ከዚያ ካነሰ አሁንም ትርፍሽ ነው።

ለባልደረባሽም ይህችን ገጽ አሳያቸው። ማን ያውቃል፣ እሳቸውም በዚህ ፍርሃት አንድ ጭማሪ አሳልፈው ይሆናል።