ማሽኑ ከደንበኛው አይቅደም

በከተሞቻችን አዲስ ንግድ የሚጀመርበት ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ቤት ይከራያል፣ ማሽን ይገዛል፤ ገዢ የሚፈለገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ገበያ ለመኖሩ ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው ወይ የወዳጅ ዘመድ «ግሩም ሐሳብ ነው» ማለት፣ አለዚያም ለብድር ሲባል የተጻፈ የአዋጭነት ጥናት ነው። ሁለቱም ማስረጃ ሊሆኑ አይችሉም። ወዳጅን ይሉኝታ ይይዘዋል። የወረቀቱ ጥናትም የነዋሪውን ብዛት ሊነግረን ይችላል እንጂ ነዋሪው ከእኛ ለመግዛት መወሰን አለመወሰኑን አያውቅም። ፍላጎት የሚታወቀው ሰው ከኪሱ ገንዘብ ሲያወጣ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ አንድም መሣሪያ ሳይገዙ መፈተን ይቻላል።

ለምግብ ቤቶች እንጀራ ማቅረብን እንውሰድ። የተለመደው መንገድ አሥር ምጣድና የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ገዝቶ፣ ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ መስመር አስገብቶ ደንበኛ መጠበቅ ነው። ነገር ግን በቤት ባለው አንድ ምጣድ በቀን 50 ያህል እንጀራ መጋገር አይከብድም። ለ15 ምግብ ቤቶች ናሙና ይሰጥ፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው በቀን 10 እንጀራ የሚወስዱ 5 ደንበኞች ይፈለጉ። ዋጋው ዛሬ በቤት ስለተጋገረ ዝቅ ማለት የለበትም፤ ነገ የሚመጣውን ኪራይና ደመወዝ የሚችል ይሁን። በቅናሽ የተገኘ ደንበኛ ስለ ቅናሹ እንጂ ስለ ንግዱ ምንም አይነግረንም። ዱቤም እንዲሁ ነው፤ «በወሩ መጨረሻ እንከፍላለን» የሚል ምግብ ቤት ገና አልገዛም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከጉጉት ሊመጣ ስለሚችል ብዙ አይታመንም፤ ማየት የሚገባው በሦስተኛው ሳምንት ሳይጎተጎት የሚያዝና የሚከፍል ማን እንደሆነ ነው። የማለፊያው መስፈርት ሙከራው ሳይጀመር ይጻፍ፤ አምስቱ ካልተገኙ ማሽኑ አይገዛም። ከውጤቱ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ሁልጊዜ ለልባችን ምኞት ያደላል። በዓል የሚውልበት ሳምንትም ቁጥሩን ስለሚያዛባ ለሙከራ አይመረጥም።

ለሌላው ዓይነት ሥራ ከጥንት የምናውቀው መሣሪያ አለ፤ እሱም ቀብድ ነው። ልብስ ሰፊውና አናጢው ቀብድ ሳይቀበሉ ጨርቅና እንጨት አይቆርጡም፤ አዲስ ዕቃ አስመጪው ግን ማንም ሳያዝዘው መጋዘን ይሞላል። ጥቂት ናሙና አሳይቶ፣ «በትእዛዝ ነው የሚመጣው» ብሎ በግልጽ ተናግሮ ቀብድ መጠየቅ ከመቶ መጠይቅ ይበልጣል። «ያልያዙትን መሸጥ ማታለል ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ዕቃው በእጅ እንዳለ አድርጎ ማውራት በእርግጥ ማታለል ነው፤ በትእዛዝ መሥራት ግን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ሲያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ ያዛል። ስለዚህ ቀብዱ መጠነኛ፣ የማስረከቢያው ቀንም የሚቻል ይሁን። በአሜሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. ኒክ ስዊንመርን ዛፖስ የተባለውን የጫማ ንግድ ሲጀምር የራሱ ክምችት አልነበረውም፤ በአካባቢው ሱቅ ያሉ ጫማዎችን ፎቶ አንስቶ በኢንተርኔት አቀረበ፣ ትእዛዝ ሲመጣም ከሱቁ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ላከ። በዚህ አያተርፍም ነበር፤ ያወቀው ግን ሰው ጫማ ሳይለካ እንደሚገዛ ነው።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ የዋጋ ንረት ነው። «ሦስት ሳምንት ስትሞክር ማሽኑ ይወደዳል፣ ብሩም ይረክሳል» ይባላል። በቀላሉ ተመልሶ ለሚሸጥ ዕቃ ይህ እውነት ነው። ለአንድ ሥራ ብቻ የሚሆን ማሽን ግን ዋጋው የሚጨምረው ሻጩ ዘንድ ነው፤ ንግዱ የከሸፈበት ሰው ሊሸጠው ሲወጣ ገዢ አያገኝም፣ ወይም በቸኮለበት ዋጋ ይለቀዋል፤ እስከዚያውም ኪራዩ ይቆጥራል። «የእኔ ሥራ በትንሹ አይሞከርም» ለሚልም እንደ ብሎኬት ማምረት ባለው ሥራ የሌላውን ማሽን በክፍያ ተጠቅሞ፣ ወይም ከሌላ አምራች ገዝቶ አድርሶ ገዢውን መፈተን ይቻላል። ሙከራው የሚያረጋግጠው ፍላጎትን ብቻ ነው፤ 50 እንጀራ በደንብ የሸጠ ሰው 2,000 ሲጋግር ጥራቱን ይጠብቃል ማለት አይደለም። ያ ሌላ ፈተና ነው፤ ግን ደንበኛ ይዞ የሚገባበት ፈተና ነው።

ስለዚህ አበዳሪዎችም የሚጠይቁትን ይቀይሩ። ከወፍራሙ የአዋጭነት ጥናት በፊት ሙሉ ዋጋ ከፍለው ደግመው የገዙ ደንበኞችን ዝርዝርና ደረሰኝ ይጠይቁ። ያንን ማቅረብ ያልቻለ ሰው ብድር ሳይሆን ሌላ ሦስት ሳምንት ሙከራ ያስፈልገዋል።