«ታግደሻል» ብሎ መመለስ ሥራ አይደለም!

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከዛሪማ ደወለችልኝ። ለምዝገባ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ «ስምሽ ታግዷል» ብለው መልሰዋታል። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም። አባቷ ዕዳ መስሏቸው በግ ሊሸጡ ነበር!

ሲጣራ የወጪ መጋራት ውል አልፈረመችም፤ በቃ! በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ውሉን የፈረመ ተማሪ የሚከፍለው ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ነው። የጎደለው ፊርማ እንጂ ብር አይደለም። ለፊርማ ሊማሊሞን ሁለቴ መውጣት ምን አመጣው?

ልጆች፣ እገዳውን የሚያነሳው ያስቀመጠው ክፍል ነው። ሬጅስትራር ብዙ ጊዜ ያያል እንጂ አያነሳም። ስለዚህ «ያገደኝ የትኛው ክፍል ነው? ምን ጎደለ?» ብላችሁ መልስ ሳታገኙ ከመስኮቱ አትነሱ። ያልተመለሰ መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ያልገባ ውጤት ትምህርት ክፍል ነው። ስትጨርሱ ተመልሳችሁ እገዳው ከሲስተሙ መነሳቱን አስከፍታችሁ እዩ። ማህተም ያለበት ወረቀት ይዛችሁም ሲስተሙ ካልለቀቃችሁ አልተመዘገባችሁም።

ቢሮ የተቀመጣችሁ ደግሞ፦ ያገዳችሁበትን ምክንያትና የሚኬድበትን ቢሮ ምዝገባው ሳይጀመር ለጥፉ። አንድ ወረቀት ነው። የሰው በግ አታሽጡ!