«ለጥቂት ቀናት ብቻ!» ስንት ቀን ነው?

ማራኪ አንድ ጫማ ቤት በር ላይ «ታላቅ ቅናሽ! እስከ 50%! ለጥቂት ቀናት ብቻ!» የሚል ወረቀት ከመስከረም ጀምሮ ተለጥፏል። ይኸው ጥምቀት ደረሰ! «እስከ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ጉዷ ብዙ ነው፤ አንድ ጥንድ ብቻ በግማሽ ዋጋ ቢሸጥ ዋሸ አይባልም። ተማሪው ግን ሁሉም በግማሽ መስሎት ይገባል።

እኔ ብጽፈው እንዲህ ነው፦

«የቀሩን 14 ጥንድ የቆዳ ጫማዎች፣ ከ38 እስከ 40 ቁጥር። 2,400 ብር ነበሩ፣ አሁን 1,800። እስከ ጥር 10 ማታ ወይም እስኪያልቁ። ሌሎቹ ጫማዎች ቅናሽ የላቸውም። ለክታችሁ ግዙ፤ አንቀይርም፣ ጉድለት ከተገኘበት ግን እንመልሳለን።»

አሁን ጥድፊያው የእውነት ነው፤ 14 ጥንድ ያልቃል። 2,400ው ግን በእርግጥ ሲሸጥበት የቆየ ዋጋ ይሁን፣ ለቅናሹ ሲባል ትናንት ማታ የተሰቀለ አይሁን። ጥር 11 ጠዋትም ወረቀቱ ይውረድ!