ርካሹን መምረጥ ውድ የሚያስወጣበት ሰንጠረዥ

ስንዴ የጫነ አንድ የጭነት መኪና ከአዳማ ተነሥቶ በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ቆቦ ይጓዛል እንበል። በዚያው ቀን ተመሳሳይ ስንዴ የጫነ ሌላ መኪና ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ሁለቱ መኪናዎች መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። አንዱ የተሸከመው ስንዴ ሌላው ከተነሣበት ከተማ ሊላክ ይችል ነበር። ስምሪቱን ያወጣው ሰው ግን በየደረጃው ከሁሉ ርካሹን መንገድ እንደመረጠ በሰንጠረዥ ማሳየት ይችላል፤ አልዋሸምም። ስሕተቱ የሚጀምረው የመረጠውን እንደ መጨረሻ መልስ ሲቆጥረው ነው።

በኦፕሬሽንስ ሪሰርች ትምህርት ይህ ጥያቄ የማጓጓዣ ችግር ይባላል። አንድ ዓይነት ዕቃ በተለያዩ መጋዘኖች ይገኛል፣ የተለያዩ ከተሞችም ይፈልጉታል፤ ጠቅላላ ወጪው ከሁሉ እንዲያንስ ማን ለማን ስንት ይላክ? የሶቪየት ኅብረት የባቡር ጭነትን ያጠናው ቶልስቶይ፣ ከደራሲው ጋር የማይምታታው፣ በ1930 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። አሜሪካዊው ፍራንክ ሂችኮክ በ1941 በሒሳብ መልክ አቀረበው። ቲያሊንግ ኩፕማንስ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ዋሽንግተን ሆኖ የመርከቦችን ስምሪት ሲመረምር እዚያው ጥያቄ ላይ ደረሰ።

ጉዳዩን ለማየት ሁለት መጋዘንና ሦስት ከተማ ይበቃሉ። አዳማ ላይ 600 ኩንታል፣ ኮምቦልቻ ላይም 600 ኩንታል ስንዴ አለ። ሸዋ ሮቢት 500፣ ቆቦ 400፣ አሰላ 300 ኩንታል ይፈልጋሉ። ያለውም የሚፈለገውም 1,200 ነው። የአንድ ኩንታል የማጓጓዣ ዋጋ በብር ከዚህ በታች ተቀምጧል። ዋጋዎቹ ለማስረጃ የተያዙ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ እርስ በርስ ያላቸው ንጽጽር ግን የመንገዱን ርቀት ይከተላል።

| | ሸዋ ሮቢት | ቆቦ | አሰላ |
|---|---|---|---|
| አዳማ | 90 | 190 | 20 |
| ኮምቦልቻ | 45 | 55 | 155 |

የመጀመሪያው ደንብ የሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ይባላል። ስሙ የተወሰደው ከካርታ አቅጣጫ ነው፤ የሰንጠረዡ የላይኛው ግራ ጥግ ማለት ነው። ከዚያ ሳጥን ተነሥቶ የሚቻለውን ያህል ይሞላል፤ ከተማው ሲጠግብ ወደ ቀኝ፣ መጋዘኑ ሲያልቅ ወደ ታች ይሄዳል። ዋጋውን ጨርሶ አይመለከትም። እዚህ አዳማ ለሸዋ ሮቢት 500፣ ለቆቦ 100 ይልካል፤ ኮምቦልቻ ለቆቦ 300፣ ለአሰላ 300 ይልካል። ጠቅላላው ወጪ 127,000 ብር ይሆናል። ለአዳማ ቅርብ የሆነችው አሰላ ስንዴዋን ከኮምቦልቻ በ155 ብር ሒሳብ ትረከባለች። ማንም ጤነኛ የስምሪት ሠራተኛ ይህን አይፈርምም።

ሁለተኛው፣ የዝቅተኛ ወጪ ደንብ፣ ከጤናማ አእምሮ ጋር የሚስማማ ይመስላል። በሰንጠረዡ ካሉት ዋጋዎች ትንሹ ይፈለግና ያ ሳጥን በመጀመሪያ ይሞላል። ትንሹ 20 ስለሆነ አዳማ ለአሰላ 300 ይልካል። ቀጣዩ 45 ነው፤ ኮምቦልቻ ለሸዋ ሮቢት 500 ይልካል። ከዚያ 55 ይመጣል፤ ኮምቦልቻ የቀረውን 100 ለቆቦ ይሰጣል። አሁን አዳማ ላይ 300 ኩንታል፣ ቆቦ ላይም የ300 ኩንታል ጉድለት ቀርቷል። ምርጫ የለም፤ በ190 ብር ይላካል። ጠቅላላው 91,000 ብር ነው። ከቀድሞው በ36,000 ያንሳል፤ ስለዚህም ብዙ ሰው እርሳሱን የሚያስቀምጠው እዚህ ላይ ነው።

መግቢያው ላይ የተላለፉት ሁለት መኪናዎች የተወለዱት ከዚሁ ዕቅድ ነው። ደንቡ 45 ብርን ሲያይ ተደሰተ፤ ያንን ሳጥን መሙላት ኮምቦልቻን ባዶ እንደሚያስቀርና ቆቦን ለአዳማ እንደሚጥል ግን አላየም። ርካሽነትን የሚለካው በአንድ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሒሳቡ የሚከፈለው ግን በጠቅላላው ሰንጠረዥ ነው።

ጉድለቱን የሚገልጠው ሦስተኛው ነገር፣ የመረማመጃ ድንጋይ ፈተና ነው። ይህን አገላለጽ አብርሃም ቻርንስና ዊልያም ኩፐር በ1954 ባሳተሙት ጽሑፍ አብራርተውታል። የተሞሉት ሳጥኖች በወንዝ ውስጥ እንዳሉ ድንጋዮች ይታሰባሉ፤ ባዶዎቹ ውኃ ናቸው። ከአንድ ባዶ ሳጥን ተነሥቶ፣ በተሞሉት ላይ ብቻ እየረገጡና ቀጥ ባለ ማዕዘን እየታጠፉ፣ ወደ ተነሡበት መመለስ ነው። በየመታጠፊያው መደመርና መቀነስ ይፈራረቃሉ፤ ምክንያቱም አንድ ኩንታል እዚህ ሲጨመር መጋዘኑም ከተማውም ሚዛናቸውን እንዲጠብቁ ሌላ ቦታ አንድ ኩንታል መቀነስ አለበት።

በ91,000 ብሩ ዕቅድ ከአዳማ ወደ ሸዋ ሮቢት ያለው ሳጥን ባዶ ነው። አንድ ኩንታል ይጨመርበት፤ 90 ብር ይወጣል። አዳማ ያንን ኩንታል ለቆቦ መላኩን ይተዋል፤ 190 ብር ይተርፋል። ቆቦ እንዳይጎድልበት ኮምቦልቻ አንድ ይጨምርለታል፤ 55 ብር ይወጣል። ኮምቦልቻም ለሸዋ ሮቢት ከሚልከው አንድ ይቀንሳል፤ 45 ብር ይተርፋል። 90 ሲቀነስ 190፣ ሲደመር 55፣ ሲቀነስ 45፦ ውጤቱ ከዜሮ በታች 90 ነው። በዚህ ዙር የሚዘዋወር እያንዳንዱ ኩንታል 90 ብር ያድናል ማለት ነው። ሌላው ባዶ ሳጥን፣ ከኮምቦልቻ ወደ አሰላ፣ በተመሳሳይ መንገድ ሲሰላ ከዜሮ በላይ 270 ይሰጣል፤ እርሱ አይነካም።

ስንት ኩንታል ይዘዋወር? ከሚቀነስባቸው ሳጥኖች ትንሹ የያዘውን ያህል ነው። አዳማ ለቆቦ የሚልከው 300፣ ኮምቦልቻ ለሸዋ ሮቢት የሚልከው 500 ስለሆነ 300 ይዘዋወራል። አዲሱ ዕቅድ እንዲህ ነው፦ አዳማ ለአሰላ 300፣ ለሸዋ ሮቢት 300፤ ኮምቦልቻ ለሸዋ ሮቢት 200፣ ለቆቦ 400። ወጪው 64,000 ብር ነው። ፈተናው ሲደገም ከአዳማ ወደ ቆቦ 90፣ ከኮምቦልቻ ወደ አሰላ 180 ይወጣል፤ ሁለቱም ከዜሮ በላይ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ የሚያንስ ወጪ ያለው ዕቅድ የለም። ይህ ግምት አይደለም፤ የተረጋገጠ ነው። 91,000ውን ይዞ የቆመው ሰው 27,000 ብር መንገድ ላይ አፍስሷል።

አሁን የሚያስገርም ነገር አለ። ከተሞቹ በሰንጠረዡ የሰፈሩት በፊደል ተራ ነበር፦ ሸዋ ሮቢት፣ ቆቦ፣ አሰላ። በመንገዱ ተራ፣ አሰላ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ቆቦ ተብለው ቢሰፍሩ ያ ዋጋ የማያየው የሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ደንብ በመጀመሪያ ሙከራው ትክክለኛውን የ64,000 ብር ዕቅድ ይሰጥ ነበር፤ ዋጋ እያየ የሚሄደው ደንብ ግን በ91,000 ላይ ይቆማል። ምክንያቱ ጂኦግራፊ ነው። መጋዘኖቹና ከተሞቹ በመንገዱ ተራ ሲደረደሩ መኪናዎች በከንቱ አይተላለፉም። አለን ሆፍማን በ1963 ይህ መቼ እንደሚሠራ በትክክል አሳይቷል፤ መነሻ ሐሳቡንም ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ በ1781 አፈር ስለማጓጓዝ ከጻፈው ጋር አያይዞታል። ይሁን እንጂ የእውነተኛ አገር መንገዶች በአንድ መስመር ላይ አይደረደሩምና በዚህ ዕድል ላይ መተማመን አይገባም።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ሁለቱ ደንቦች መነሻ እንጂ መፍትሔ አይደሉም፤ የትኛው ይሻላል እያሉ መከራከርም ትንሽ ትርፍ ያለው ክርክር ነው። ከመጥፎው የ127,000 ብር መነሻ እንኳ ፈተናው በሁለት ማስተካከያ 64,000 ላይ ያደርሳል፤ ከ91,000ው ደግሞ በአንድ። የጥሩ መነሻ ጥቅም አንድ ዙር ሥራ መቆጠብ ብቻ ነው። ተማሪው ግን ብዙ ጊዜ የመነሻ ደንቦቹን እንደ መልስ፣ ፈተናውን እንደ ትርፍ ልምምድ ይዞ ከክፍል ይወጣል። ቢገለበጥ ይሻላል፤ አስተማሪው በማንኛውም የዘፈቀደ ዕቅድ ጀምሮ በፈተናው ላይ ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም።

ፈተናው ራሱ የሚሰናከልበት አንድ ቦታ አለ። የድንጋዮቹ ቁጥር የመጋዘኖችና የከተሞች ድምር ሲቀነስ አንድ መሆን አለበት፤ እዚህ 2 ሲደመር 3 ሲቀነስ 1፣ አራት። አዳማ 800፣ ኮምቦልቻ 400 ኩንታል ቢኖራቸው አዳማ ሸዋ ሮቢትንና አሰላን፣ ኮምቦልቻ ቆቦን በልኩ ይሸፍናሉ፤ የተሞሉት ሳጥኖች ግን ሦስት ብቻ ይሆናሉ። ከባዶዎቹ በየትኛውም ቢነሡ ዙሩ አይዘጋም። ያልጠነቀቀ ሰው “ዙር የለም፣ ስለዚህ ፈተናው አልቋል” ብሎ ያልተፈተነ ዕቅድ ይፈርማል። መፍትሔው ከባዶዎቹ በአንዱ፣ ለምሳሌ ከኮምቦልቻ ወደ ሸዋ ሮቢት ባለው፣ ዜሮ ኩንታል ጽፎ እንደ ድንጋይ መርገጥ ነው። ዜሮው ምንም አያጓጉዝም፤ መንገዱን ግን ይዘጋል።

ዘዴው የአንድ ኩንታል ዋጋ መጠኑ ቢበዛም ቢያንስም አይለወጥም ብሎ ይነሣል። መኪናው ሞላም ጎደለ ሙሉ ኪራይ የሚከፈል ከሆነ ይህ ግምት ይፈርሳል፤ ያኔ ሌላ ዓይነት ስሌት ያስፈልጋል። ግምቱ በሚሠራበት ሁሉ ግን የፈተናው ቁጥሮች ዕቅዱ እስከ መቼ እንደሚጸናም ይናገራሉ። ሌሎቹ ዋጋዎች ባሉበት ረግተው ከአዳማ ወደ ሸዋ ሮቢት ያለው ብቻ ቢንር፣ ከ90 እስከ 180 ብር ድረስ የ64,000 ብሩ ስምሪት ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ይቆያል፤ ሒሳቡ ቢጨምርም የሚላከው አይለወጥም። ልክ 180 ላይ ሁለት ዕቅዶች እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ በላይ መኪናዎቹ እንደገና መተላለፍ ይጀምራሉ። ነዳጅ ጨምሮ ሁሉም ዋጋ በእኩል መቶኛ ቢያድግ ግን የየዙሩ ምልክት አይለወጥምና የስምሪት ሠራተኛው ሰንጠረዡን እንደገና መሥራት አያስፈልገውም።