የአርባ ቀን ዕድል ወይስ የአርባ ዓመት ዕድል?

አባቶቻችን በአንድ ሰው ላይ የደረሰው መከራ ምክንያቱ ሲሰወርባቸው «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ብለው ነገሩን ይዘጉት ነበር። ይህ አነጋገር ለኀዘንተኛ ማጽናኛ መሆኑ አይካድም፤ ምርመራን የሚያስቆም መሆኑም አይካድም። ዛሬ ተምረናል የምንል ሰዎች በአርባ ቀን ዕድል እንስቃለን። ይሁን እንጂ ሳናውቀው በእርሱ ፈንታ የአርባ ዓመት ዕድል የሚባል ሌላ ጣዖት አቁመናል። አንድ ጎልማሳ ሥራውን ቢጠላ፣ ትዳሩን ቢያፈርስ፣ ከወዳጆቹም ቢለይ «የእኩለ ዕድሜ ቀውስ ይዞት ነው» ይባልና ነገሩ በዚሁ ያበቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አባባሉ ከወዴት እንደ መጣ፣ በሚዛን ላይ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚቀል፣ ይልቁንም በሰው ቤት ላይ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ ማሳየት ነው።

ለመነሻ ያህል የአንድ ባልደረባዬን ነገር ላንሣ። ይህ ሰው ዕድሜው አርባ ሦስት ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ በትጋት አገልግሏል። ባለፈው ዓመት ግን ጠባዩ ተለወጠ። ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤቱ መግባት ይከብደው ጀመር፤ ሌሊትም ከእንቅልፉ እየነቃ ጎሕ እስኪቀድ ይቀመጣል። በመጨረሻም ከባለቤቱ ተለይቶ ሌላ ቤት ተከራየ፤ የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻም ጽፎ በኪሱ ይዞ ይዞር ጀመር። «ምን ነካህ?» ብዬ ብጠይቀው «ዕድሜ ነው ወንድሜ! በዚህ ዕድሜ የማይናወጥ የለም፤ ሊቃውንቱም ጽፈውታል» አለኝ። ባለቤቱን ባነጋግራቸው ግን «እኔስ አርባ ዓመት ከሞላኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ አይደለም እንዴ? ዕድሜ የሚመጣው በእርሱ ላይ ብቻ ነውን?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ የምመልሰው አጣሁ። ስለዚህ ሊቃውንቱ በእርግጥ ጽፈውት እንደ ሆነ ለማየት ተነሣሁ።

«የእኩለ ዕድሜ ቀውስ» የሚለውን ስም ያወጣው ኤሊየት ጃክስ የሚባል፣ በካናዳ ተወልዶ በሎንዶን ይሠራ የነበረ የሥነ ልቡና ሐኪም ነው። አሳቡን በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1957 በሎንዶን ለሙያ ባልንጀሮቹ አነበበው፤ በ1965 ደግሞ «ሞትና የእኩለ ዕድሜ ቀውስ» በሚል ርእስ አሳተመው። መሠረቱ ምን ነበር ብንል፣ ወደ 310 የሚሆኑ የታወቁ ሠዓሊዎች፣ ባለ ቅኔዎች፣ ደራስያንና የሙዚቃ ሊቃውንት የሕይወት ታሪክ ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ወይ ሞተዋል፣ ወይ አሠራራቸው ተለውጧል ሲል አየ። ሞዛርት በ35፣ ራፋኤል በ37፣ ሾፓን በ39 ዓመታቸው መሞታቸውን ቈጠረ። ከዚያም በሐኪምነቱ ያያቸውን ጥቂት ሕሙማን ጨምሮ፣ ሰው በዚህ ዕድሜ ሞቱን በሩቅ ስለሚያየው ይናወጣል ብሎ ደመደመ።

አሳቡ ጥልቅ መሆኑን አልክድም። ሰው ከኋላው ያለው መንገድ ከፊቱ ካለው መርዘሙን ሲረዳ ቆም ብሎ ማሰቡ እውነት ነው። ነገር ግን በድንቅ ተሰጥዎ የተለዩ ሰዎችን አሰልፎ፣ ከዚያም ለሐኪም የሄዱትን ጨምሮ፣ የመንገድ ሠራተኛውም የትምህርት ቤት መምህሩም እንዲሁ ነው ማለት ምን ዓይነት ሚዛን ነው? በሆስፒታል ደጃፍ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚቈጥር ሰው የከተማው ሕዝብ ሁሉ ታሟል ብሎ ቢመለስ ማን ይቀበለዋል?

ከእርሱ በኋላ የመጣው ዳንኤል ሌቪንሰን የሚባል የአሜሪካ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ከመቶው ሰማንያ የሚሆኑት ወንዶች በአርባዎቹ መግቢያ ላይ ብርቱ ትግል እንደሚገጥማቸው ጻፈ። ይህ ሰማንያ የሚለው ቍጥር እስከ ዛሬ ከአፍ ወደ አፍ ይዛወራል። ይሁንና መርማሪው የጠየቃቸው አርባ ወንዶችን ብቻ ነው፤ እነርሱም አሥሩ የቀን ሠራተኞች፣ አሥሩ የንግድ ድርጅት ኀላፊዎች፣ አሥሩ የዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ሊቃውንት፣ አሥሩ ደግሞ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ነበሩ። በዚያ መጽሐፍ ሴት የሚባል አልተጠየቀም። እንግዲህ የባልደረባዬ ባለቤት ያነሡት ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ መልስ ቢያጣ ምን ይደንቃል?

ሚዛኑ በሚገባ የተያዘው ዘግየት ብሎ ነው። ማክሬና ኮስታ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የእኩለ ዕድሜ ቀውስ ምልክቶች የሚባሉትን ሁሉ ሰብስበው በመጠይቅ አዘጋጁና ከሠላሳ እስከ ስድሳ ዓመት ላሉ ከሦስት መቶ በላይ ወንዶች አቀረቡ። ቀውሱ የዕድሜ ከሆነ በአርባዎቹ ላይ ከፍ ብሎ መታየት ነበረበት፤ ነገር ግን በየትኛውም ዕድሜ ላይ ተለይቶ አልታየም። ከዚያም የሚበልጥ ነገር ተገኘ። በመጠይቁ ቀውስ አለባቸው የተባሉት ሰዎች ከዐሥር ዓመት በፊትም በተመረመሩ ጊዜ ጭንቀትና ብስጭት የሚቀናቸው ሆነው ተገኝተው ነበር። እንግዲህ ዕድሜው ያመጣባቸው አይደለም፤ ይዘውት ወደ ዕድሜው መጡ እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ኢሌን ዌዚንግተን የምትባል ተመራማሪ በአሜሪካ የ724 ሰዎችን ቃል መርምራ አሳተመች። «የእኩለ ዕድሜ ቀውስ ደርሶብዎት ያውቃልን?» ተብለው ሲጠየቁ አዎን ያሉት ከመቶው ሃያ ስድስት ናቸው። የዚህች ሴት ብልኀት ግን በዚህ አለማቆሟ ነው። መቼ እንደ ደረሰባቸው፣ ምን እንደ ነበረ፣ በምን እንደ ተነሣ አስተረከቻቸው። ያን ጊዜ ከብዙዎቹ ታሪክ ውስጥ የወጣው የልደት ቀን ሳይሆን የሥራ መታጣት፣ የትዳር መፍረስ፣ የወላጅ ሞት ወይም ሕመም ሆነ። ብዙዎቹም ቀውስ ያሉትን ነገር ከአርባ ዓመት በፊት ወይም ከአምሳ በኋላ የደረሰባቸው ነበሩ። መከራው እውነተኛ ነበር፤ ስሙ ግን ከሰፈር የተዋሱት ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ እርሱንም ሳልጠቅስ ባልፍ አድላዊ እባላለሁ። ብላንችፍላወርና ኦስዋልድ የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2008 የብዙ አገሮችን መጠይቅ አሰባስበው፣ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው ያላቸው እርካታ በወጣትነትና በሽምግልና ከፍ፣ በአርባዎቹ አጋማሽ ግን ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ጻፉ። ሆኖም ይህ ጥናት በአንድ ጊዜ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን የተለያዩ ሰዎች የሚያነጻጽር እንጂ አንዱን ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚከተል አይደለም። በካናዳ የኤድመንተን ከተማ ወጣቶችን ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ እስከ 43 ዓመታቸው የተከተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳተሙት፣ የሰዎቹ ደስታ በጠቅላላው ጨመረ እንጂ አልወረደም። ሌሎች ደግሞ ሰዎችን ተከትለው ዝቅታውን አግኝተነዋል ይላሉ፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ነገር ግን ዝቅታው እንዳለ ብንቀበል እንኳ በብዙ ዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚወርድና ቀስ ብሎ የሚወጣ ቍልቍለት ነው፤ ሰውን በአንድ ሌሊት ከቤቱ የሚያስወጣ ማዕበል አይደለም። ቍልቍለት የሚወርድ መንገደኛ ይደክመው ይሆናል፤ ጓዙን ወደ ገደል የሚወረውረው ግን ቍልቍለቱ አይደለም።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። የዚያችን ተመራማሪ ብልኀት ተውሼ አንድ ወረቀት አቀረብሁለትና «ነገሩ የጀመረህ መቼ ነው? ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት የሆነውን ሁሉ ከነወሩ ጻፍ» አልሁት። በመጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ መጻፍ ያዘ። በጥቅምት አባቱ ሞቱ፤ እርሱ የበኵር ልጅ ስለሆነ የእናቱ ጡሪነትና የውርስ ክርክር በእርሱ ላይ ወደቀ። በታኅሣሥ ለሁለተኛ ጊዜ ከዕድገት ታለፈ፤ ይህንንም ለባለቤቱ አልነገራቸውም። በየካቲት የመጀመሪያ ልጁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ከመጋቢት ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። በዚያች ወረቀት ላይ አርባ ሦስት የሚል ቍጥር ከቶ አልተጻፈም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ልዩነት የቃል ጨዋታ እንዳይመስልህ። «ዕድሜዬ ነው» ላለ ሰው የሚደረግለት ነገር የለም፤ ዕድሜን የሚመልስ ማንም የለምና። «አባቴ ሞቱ፤ አላለቀስሁም» ላለ ሰው ግን እርዳታ አለው። የውርሱን ክርክር ሽማግሌ ይይዘዋል። ስለ ዕድገቱ አለቃውን መጠየቅ፣ ካልሆነም ሌላ ክፍል መፈለግ ይቻላል። ለባለቤቱ የሸሸገውን መንገር ይችላል። አራቱን ሸክም በአንድ ማዳበሪያ ከትቶ «ቀውስ» የሚል ጽሕፈት የለጠፈበት ሰው ግን ማዳበሪያውን እንዳለ ይጥለዋል፤ በውስጡም ሚስቱና ሥራው አብረው ይጣላሉ።

ከዚህ የከፋም አለ። አንድ ሰው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ደስታ ቢርቀው፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ቢበላሽ፣ ጉልበት ቢያጣ፣ ራሱን የማይረባ አድርጎ ቢቈጥር፣ ይልቁንም መሞትን ቢመኝ፣ ይህ ድባቴ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናም አለው። የእንቅርት ዕጢ በሚገባ ባለመሥራቱም ድካምና የስሜት መውረድ ይመጣል፤ ይህም በደም ምርመራ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ሰው «በአርባዎቹ የሚያልፍ ነው፤ ታገሥ» ብሎ ማሰናበት ምክር አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ እንዳይደርስ መንገድ መዝጋት ነው።

ሰው በጎልማሳነቱ ዓላማውን መመርመር የለበትም አላልሁም። በሃያ አምስት ዓመቱ የመረጠውን ሥራ በአርባ አምስት ዓመቱ ቢመዝነው ደግ አደረገ፤ ወዳጅነቱንና ትዳሩንም ቢመረምር መልካም ነው። ነገር ግን የሚመረምር ሰው በስሙ ይናገራል፤ «ይህን ወሰንሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ይላል፤ ውሳኔው የሚነካቸውንም ሰዎች አስቀድሞ ያማክራል። በዕድሜው የሚያሳብብ ሰው ግን ውሳኔውን ለራሱ ወስዶ ኀላፊነቱን ለቀን መቍጠሪያ ይሰጣል።

ባልደረባዬ የመልቀቂያ ማመልከቻውን እስካሁን አልሰጠም፤ ሐኪም አይቶታል፤ ወደ ቤቱ ግን ገና አልተመለሰም። ባለቤቱን በቅርቡ ሳገኛቸው ወረቀቱን አሳይቷቸው ኖሮ «በታኅሣሥ የሆነውን በታኅሣሥ ቢነግረኝ ኖሮ…» አሉና ዝም አሉ። አርባ ዓመትን የሚወቅሱ ሁሉ ይህን ዝምታ ቢሰሙት እወድ ነበር።