የታክሲ የኋላ መስተዋት ግጥም አጭር ይሁን



አንድ ጎረቤታችን የሚኒባስ ሾፌር በመኪናው የኋላ መስተዋት ላይ የሚለጠፍ የመንገድ ደኅንነት ግጥም አዘጋጅቶ ሰሞኑን አሳይቶን ነበር። ሐሳቡ ያስመሰግነዋል። ግጥሙ ግን ስድስት መስመር ነው፤ አጀማመሩም እንዲህ ይላል፦

አሽከርካሪው ወንድሜ ሆይ፣ ተው በፍጥነት አትብረር፤
ቤት የሚጠብቅህ አለ፣ ዕድሜህን አታሳጥር።

ቤት ይመታል፤ ምክሩም እውነት ነው። ነገር ግን ወረቀቱን መስተዋቱ ላይ ይዘን ወደ ኋላ ብንርቅ፣ ከዐሥር እርምጃ በኋላ ማንበብ አቃተን። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከፊቱ ካለው መኪና ቢያንስ የ2 ሰከንድ ርቀት መጠበቅ አለበት፤ ይህም 22 ሜትር ነው። እንግዲህ ያንን ግጥም ለማንበብ የፈለገ ሾፌር የግድ መጠጋት አለበት! ተጠንቀቅ የሚለው ጽሑፍ ራሱ ሰውን ወደ አደጋ ጠራ ማለት አይደለምን?

በእኔ አስተያየት ግጥሙ ከሁለት አጫጭር ስንኞች ማለፍ የለበትም። ደግሞም ስለ ዕድሜና ስለ ሞት ከሚሰብክ፣ ተከታዩ ሾፌር በዚያች ቅጽበት ምን ማድረግ እንዳለበት ይንገረው። ሚኒባስ «ወራጅ አለ!» በተባለ ቁጥር ድንገት ይቆማል። ስለዚህ እንዲህ ብንልስ፦

ራቅ በል ወዳጄ፣
ሊወርድ ነው ወራጄ።

ሌላው አደጋ የወረደው ሰው በቆመው ታክሲ ፊት ለፊት ሲሻገር የሚደርሰው ነው። ታክሲው ስለሚጋርደው፣ በጎን የሚያልፈው ሾፌር አያየውም። ለዚህ «ስቆም አትቅደመኝ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ዳሩ ግን ፌርማታ ላይ ለቆመ ታክሲ ይህን የሚሰማ የለም፤ የማይፈጸም ትእዛዝም መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ አለዘብነው፦

ስቆም ቀስ በልልኝ፣
ከፊቴ ሰው አለኝ።

ዜብራ ላይ ከሆነ ግን ቀስ ማለት ብቻ አይበቃም፤ እሱም መቆም አለበት።

ስለ አጻጻፉ፦ የፊደሉ ቁመት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ነጭና ወፍራም ቢሆን ይመረጣል። የፊደላችን ልዩነት በትንሽ ቀለበትና በእግር ቅጥያ ስለሆነ፣ ጌጥ የበዛበት ቀጭን ጽሑፍ ከሩቅ ይምታታል፤ «ጄ» ቀለበቷ ከጠፋች «ጀ» ሆና ቁጭ ትላለች። ቦታው የመስተዋቱ የታችኛው ጠርዝ ነው። ፊደሉ ተቆርጦ ለብቻው ይለጠፍ እንጂ ሙሉ ላስቲክ መስተዋቱን አይሸፍን፤ ሾፌሩም ኋላውን ማየት አለበትና።

ጎረቤታችን ስድስቱን መስመር ትቶ ሁለቱን መርጧል። ሌሎቻችሁም ከማስለጠፋችሁ በፊት ወረቀቱን መስተዋቱ ላይ አስይዛችሁ 30 እርምጃ ያህል ራቁና አንብቡት። ከዚያ ላይ ካልተነበበ፣ ግጥሙ ይጠር ወይም ፊደሉ ይተልቅ እላለሁ።