የትኋኑን ሂሳብ ማን ይክፈል?

ሐበሻ ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ሲያወራ ያመሻል፣ ትኋን ቤቴ ገባ ብሎ ግን ለጓደኛውም አይናገርም። ትኋን የቆሻሻና የድህነት ምልክት ነው ብለን ስላደግን ሀፍረቱን ይዘነው ተሰደናል። ትኋን ግን ጽዱውን ቤት ከቆሻሻው አይለይም። በሻንጣ፣ ከመንገድ ዳር በተነሳ ሶፋ፣ አንዳንዴም ከጎረቤት በግድግዳ ስንጥቅ ይመጣል። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በቨርጂኒያ ይህ ሀፍረት በዶላር ይመነዘራል።

የቨርጂኒያ የአከራይና ተከራይ ሕግ ቤቱን ለመኖሪያ ብቁ አድርጎ የመያዝ ግዴታ የሚጥለው በአከራዩ ላይ ነው። ተከራዩ ደግሞ ነፍሳት ሲያይ ቶሎ ማሳወቅ አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ፣ በመዘግየቱ የተጨመረውን የማጥፊያ ወጪ ይከፍላል። ተባዩ የገባው በራሱ ጥፋት ከሆነም ወጪው የእሱ ነው። «የተጨመረውን» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ብዙ ገንዘብ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ ተማሪ አውቃለሁ። ማርች መጀመሪያ ላይ ክንዱን ይበላው ጀመር፤ የፍራሹን ስፌት ሲገልጥ የቀለም ጠብታ የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦች አየ። ለማንም ሳይናገር ከሱቅ ጭስ የሚረጭ ቆርቆሮ ገዝቶ ለኮሰ፣ እሱም ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። ሁለቱም ነገሩን ያባብሳሉ። ጭሱ ትኋኑ የተደበቀበት ስንጥቅ ውስጥ አይደርስም፤ ትኋኑ ደግሞ የሚበላውን ሰው ተከትሎ ሳሎን ይገባል። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ጎረቤት አመለከተ፣ ሦስት ቤቶች ተመረመሩ፣ የሦስቱም ወጪ 1,650 ዶላር ለልጁ ተላከለት።

ደብዳቤውን አብረን ጻፍን። የጠየቅነው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ በማርች ቢናገር ኖሮም የእሱ ቤት መታከሙ አይቀርም ነበርና ያ ወጪ እንዴት «የተጨመረ» ይባላል? ሁለተኛ፣ የሦስቱም ቤቶች አቤቱታ የቀረበበትን ቀን አሳዩን። ከላይ ያለው ጎረቤት በፌብሩዋሪ አመልክቶ መልስ አጥቶ ኖሯል! ቢሮው ሂሳቡን ወደ 450 ዶላር አወረደው። ይቺም የቀረችው ልጁ ሁለት ወር ያህል ዝም በማለቱ ነው፤ በዚያ ላይ መከራከሪያ አልነበረንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት እዚህ ቤት ኪራይ ላይም ይሠራል።

ስለዚህ ባያችሁበት ቀን በጽሑፍ አሳውቁ። ስልክ መደወል ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ኋላ ላይ ማስረጃ አይሆንም፤ ኢሜይል ወይም የሕንፃው የጥገና መጠየቂያ ቀኑን ይመዘግብላችኋል። ነጥቦቹን ፎቶ አንሱ፣ ትኋኑን ካገኛችሁትም በፕላስተር አጣብቃችሁ አስቀምጡ። የመበላት ምልክት ብቻውን አያረጋግጥም፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ከቀናት በኋላ ነው የሚወጣው፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ አይታይም።

አከራዩ ቤታችሁ ውስጥ መድኃኒት ከመርጨቱ በፊት ቢያንስ የ48 ሰዓት የጽሑፍ ማስታወቂያ ይሰጣል። ይርጩልኝ ብላችሁ የጠየቃችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን ያን ያህል መጠበቅ ግዴታው አይደለም፤ እናም ጥያቄውን ስታስገቡ ዝግጅቱን ጀምሩ። አንሶላና ልብስ በማድረቂያ ማሽን በከፍተኛ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያህል ይዙር፣ ከዚያ ከረጢት ውስጥ ታስሮ ይቀመጥ። ዕቃ ወደ ሌላ ክፍል ማሸሽ ትኋኑን ማከፋፈል ነው።

ቢሮዎች አንዴ አስረጭተው ጉዳዩን መዝጋት ይወዳሉ። መድኃኒቱ እንቁላሉን በደንብ አይገድልም፤ እንቁላሉም ከሳምንት እስከ አስር ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ርጭት ያስፈልጋል፣ አንዳንዴም ሦስተኛ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ሲያዝ የሁለተኛውን ቀን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጎረቤቶቹ ቤት መመርመሩንም እንዲሁ። ይህ ካልተደረገ ትኋኑ ሲመለስ «አንተ ነህ ያመጣኸው» መባሉ አይቀርም።

አከራዩ ዝም ካለስ? ኪራይ መያዝ የብዙዎች የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፣ በቨርጂኒያ ግን ለመባረር በር ይከፍታል። ያለው መንገድ ኪራዩን ለፍርድ ቤት ከፍሎ በጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት «ቴናንትስ አሰርሽን» የሚባለውን ማመልከቻ ማስገባት ነው። ኪራዩ ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው መክፈያው ቀን በደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ ነው። በጽሑፍ ካሳወቃችሁ በኋላ ከ30 ቀን በላይ መዘግየትን ሕጉ ምክንያታዊ ነው ብሎ አይገምተውም። የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ደግሞ አከራዩ የጽሑፍ ማሳወቂያችሁን ከተቀበለበት ቀን ነው።